ፈተና አምልጦ የተመዘገበ I እንዲቀየር ለሬጅስትራር ማመልከቻ እንዴት ይቀርባል?

ሬጅስትራር ውጤት አይሰጥም፤ የተሰጠውን ይመዘግባል። «ውጤቴ ይስተካከልልኝ» የሚሉ ማመልከቻዎች ጠረጴዛ ላይ የሚከርሙት አብዛኛውን ጊዜ ይህ ስለሚዘነጋ ነው። ተማሪው እንዴት እንደታመመና ምን ያህል እንደተጨነቀ ሁለት ገጽ ሙሉ ይጽፋል። ማመልከቻውን የሚቀበለው ሠራተኛ ግን የሚፈልገው ሦስት ነገር ብቻ ነው፦ ፈተናውን በሌላ ቀን እንዲወስድ የፈቀደለት ማን ነው፣ መምህሩ ስንት ሰጡት፣ ውጤቱንስ ያጸደቀው ማን ነው። እነዚህ በወረቀት ካልተያዙ ሠራተኛው ቢያዝንም እጁን መዝገቡ ላይ ማሳረፍ አይችልም። ስለዚህ ማመልከቻው የሥራው መጨረሻ ነው፤ ከሱ በፊት መስተካከል ያለባቸው ነገሮች አሉ።

መጀመሪያ መዝገቡ ላይ በትክክል ምን እንዳለ ይታይ

ጓደኛ ነገረኝ ወይም መምህሩ «I ነው የሰጠሁህ» አሉኝ ብሎ መጻፍ አይበቃም። የውጤት ገጹን ከፍቶ ወይም ግሬድ ሪፖርቱን አውጥቶ ማየት ያስፈልጋል፤ ፈተና ያመለጠው ተማሪ ስም ፊት ለፊት ከሦስት ምልክቶች አንዱ ሊኖር ይችላልና። የሦስቱም መንገድ የተለያየ ነው።

I ከሆነ፣ ተማሪው የትምህርቱን ሌላ ሥራ ሠርቶ አንድ ክፍል፣ ብዙውን ጊዜ የማጠቃለያ ፈተናውን፣ በሚታወቅ ምክንያት ሳይወስድ ቀርቷል ማለት ነው። NG ከሆነ ደግሞ ውጤት ጭራሽ አልቀረበም። መምህሩ የክፍሉን ውጤት ሳያስገቡ ዘግይተው ወይም የተማሪው ስም ከዝርዝሩ ወጥቶ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚጠየቁት መምህሩ ናቸው። F ከሆነ፣ ለፈተናው ዜሮ ተይዞ ውጤቱ ተጠቃሏል። ይህኛው ያልተሟላ ውጤትን ማሟላት ሳይሆን የተሰጠን ውጤት ማስቀየር ስለሆነ በትምህርት ክፍሉ በኩል በቅሬታ ይታያል። F ላለበት ተማሪ «I ይቀየርልኝ» የሚል ማመልከቻ ከገባ፣ ሠራተኛው መዝገቡን አይቶ «I የለህም» ብሎ ይመልሰዋል። የጠፋው ሳምንት ደግሞ ከቀነ ገደቡ ላይ ይቀነሳል።

ለምን ጊዜ አይሰጥም

I ጊዜያዊ ምልክት ነው። ተቋማት ማስተካከያው የሚገባበትን የመጨረሻ ቀን በትምህርት ካላንደራቸው ወይም በደንባቸው ያስቀምጣሉ። ቀኑ ካለፈ በብዙ ቦታ ምልክቱ በራሱ ወደ F ይለወጣል። ቀኑ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር በጥንቃቄ ይነበብ፤ ፈተናው ከተሰጠበት፣ ውጤት ከተለጠፈበት ወይም ቀጣዩ ሴሚስተር ከተጀመረበት ሊሆን ይችላል። በነዚህ መካከል የሳምንታት ልዩነት አለ። ሌላም ነገር ይታይ፦ ቀኑ ማካካሻ ፈተናው የሚወሰድበት ነው ወይስ ውጤቱ ሬጅስትራር የሚደርስበት? ብዙ ጊዜ ሁለተኛው ነው። በመጨረሻው ቀን ተፈትኖ በጊዜው ጨርሻለሁ የሚል ተማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ጉዳቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ 17 ክሬዲት ሰዓት ተመዝግባ ነበር እንበል። በ13ቱ ክሬዲት ያገኘችው 39 ነጥብ ነው። በቀረው ባለ 4 ክሬዲት የስታቲስቲክስ ትምህርት I አለባት። I ያለበት ትምህርት አብዛኛውን ጊዜ ከስሌቱ ውጭ ስለሚሆን አማካይዋ ለጊዜው እንዲህ ነው፦

39 ÷ 13 = 3.00

I ወደ F ከተለወጠ ነጥቡ ሳይጨምር ክሬዲቱ ብቻ ይጨምራል፦

39 ÷ 17 = 2.29

ማካካሻ ፈተናውን ወስዳ በትምህርቱ B ብታገኝ (4 × 3 = 12) 51 ÷ 17 = 3.00 ይሆናል፤ C እንኳ ብታገኝ (4 × 2 = 8) 47 ÷ 17 = 2.76 ነው። ገጹ ላይ 3.00 እያየች የምትረጋጋ ተማሪ ያልተቆጠረባትን 4 ክሬዲት እየረሳች ነው። በዚያ ላይ ስታቲስቲክሱ ለሚቀጥለው ትምህርት ቅድመ ሁኔታ ከሆነ፣ I እስካልተነሳ ድረስ የምዝገባ ሥርዓቱ ሊያግዳት ይችላል።

ማስረጃው ምን ይመስላል

ከማስረጃው ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ቀኑ ነው። የሕክምና ወረቀቱ የፈተናውን ቀን መሸፈን አለበት። ፈተናው ጥር 20 ከሆነ፣ «ከጥር 21 ጀምሮ የ3 ቀን ዕረፍት» የሚል ወረቀት በሽታው የቱንም ያህል ከባድ ቢሆን አይረዳም። ከፈተናው 5 ቀን በኋላ የተጻፈና «ታምሜ ነበር ብሎናል» የሚል ወረቀትም ደካማ ነው፤ ባለሙያው ያየውን ሳይሆን የሰማውን መጻፉ ያስታውቃልና። ጥሩ ወረቀት ላይ ሙሉ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የታከመበት ቀን፣ የዕረፍቱ መጀመሪያና መጨረሻ፣ የባለሙያው ፊርማና የተቋሙ ማኅተም ይኖራል። ማኅተሙ ፊርማው ላይ በከፊል ቢያርፍ ጥሩ ነው፤ አጠራጣሪ የሚመስለው ከፊርማው ተነጥሎ ጥግ ላይ የተመታው ነው።

ሁለት የዘመን አቆጣጠር በሚሠራበት ቦታ የሚገጥም አንድ ስህተት አለ። ሆስፒታሉ በአንደኛው፣ የፈተና ፕሮግራሙ በሌላኛው አቆጣጠር ይጻፋል። ፋይሉን የሚያየው ሰው ደግሞ ሁለቱን ሳያነጻጽር «ቀኑ አይገናኝም» ይላል። በማመልከቻው ላይ ሁለቱንም ቀን ጎን ለጎን መጻፍ ይህን ያስቀራል። የስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው፤ ካርዱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው በአንድ ፊደል ቢለይ ወረቀቱ ከመግባቱ በፊት ያወጣው ተቋም ያርመው። በገዛ እጅ መሰረዝና መደለዝ ግን ትክክለኛውን ማስረጃ ሐሰተኛ ያስመስለዋል።

ምክንያቱ ሕመም ካልሆነ ነገሩ ተመሳሳይ ነው፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ፣ የቅርብ ቤተሰብ ሞት ማረጋገጫ፣ ሁለት ፈተና በአንድ ሰዓት መግጠሙን የሚያሳይ የፈተና ፕሮግራም። «ሰዓቱን ተሳስቼ» ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀባይነት የለውም። ይህን በውሸት ሕመም መሸፋፈን ከፈተናው የከፋ ጣጣ ያመጣል።

ከማመልከቻው በፊት ያሉት ወረቀቶች

ማስረጃው መጀመሪያ የሚሄደው ለመምህሩና ለትምህርት ክፍሉ ነው እንጂ ለሬጅስትራር አይደለም። ተማሪው በአጭር ደብዳቤ የማካካሻ ፈተና፣ ማለትም ሜካፕ፣ እንዲፈቀድለት ይጠይቃል። ፈቃዱ በቃል ብቻ እንዳይቀር፤ ቁጥርና ቀን ያለው ደብዳቤ ወይም ቢያንስ ማመልከቻው ላይ የተመራበት ፊርማ ያስፈልጋል። ያለ ፈቃድ መምህሩ በቅንነት ቢሮአቸው ውስጥ ፈትነው ቢያርሙም ውጤቱ የሚያርፍበት ቦታ አይኖረውም።

ፈተናው ከተወሰደ በኋላ መምህሩ የውጤት ማስተካከያ ቅጽ ይሞላሉ። እዚህ ላይ በተደጋጋሚ የሚያጋጥመው ስህተት የማካካሻ ፈተናውን ውጤት እንደ ጠቅላላ ውጤት መጻፍ ነው። የምሳሌያችን ተማሪ በተከታታይ ምዘና ከ50 ውስጥ 36 ነበራት፤ በማካካሻው ከ50 ውስጥ 35 አገኘች። ቅጹ ላይ መግባት ያለበት 71 እና ከሱ ጋር የሚሄደው ፊደል ነው፤ በተቋሟ መለኪያ B ነው እንበል። 35 ብቻ ከተጻፈ ፊደሉ F ሊሆን ይችላል። ይህን የሚይዘው ሰው ብዙ ጊዜ ተማሪዋ ራሷ ናት፤ የሬጅስትራሩ ሠራተኛ የምዘና ውጤቷን ስለማያውቅ የተጻፈለትን ያስገባል። ስለዚህ የተከታታይ ምዘና ውጤትን አስቀድሞ ማወቅና መምህሩን «ጠቅላላው 71 ነው አይደል?» ብሎ በትሕትና መጠየቅ ነውር የለውም።

ቅጹ ከመምህሩ ወደ ትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ በአንዳንድ ቦታም ወደ ዲኑ ሄዶ ተፈርሞበት ሬጅስትራር ይደርሳል። በብዙ ተቋማት ተማሪ ይህን ቅጽ በእጁ ይዞ እንዲሄድ አይፈቀድለትም፤ ከቢሮ ወደ ቢሮ በፖስተኛ ወይም በታሸገ ፖስታ ነው የሚሄደው። የተማሪው ሥራ ቅጹ ዛሬ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ማወቅ ነው።

ማመልከቻው

አሁን ሬጅስትራሩ ጋ መጻፍ ይቻላል። ከአንድ ገጽ አይበልጥ፤ ርዕሱ ላይ ሴሚስተሩ፣ የትምህርቱ ኮድና የሚጠየቀው ነገር ይታይ። ደብዳቤውን መርቶ ለባለሙያ የሚያስተላልፈው ኃላፊ አንዳንዴ የሚያነበው «ጉዳዩ» የሚለውን መስመር ብቻ ነው። የምሳሌያችን ተማሪ ቅጹ ከተሞላ 10 ቀን ቢሆነውም ገጿ ላይ I እንዳለ ነው፤ እንዲህ ብላ ትጽፋለች፦

> ቀን፦ የካቲት 28 ቀን ______ ዓ.ም.
>
> ለሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት
>
> ጉዳዩ፦ በመጀመሪያው ሴሚስተር በSTAT 202 የተመዘገበው I በማካካሻ ፈተና ውጤት እንዲተካልኝ ስለመጠየቅ
>
> ስሜ ____________፣ የመለያ ቁጥሬ ____________ ሲሆን በ____________ ትምህርት ክፍል የ2ኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ጥር 20 ቀን የተሰጠውን የስታቲስቲክስ የማጠቃለያ ፈተና ከጥር 19 እስከ ጥር 23 ቀን ሆስፒታል ተኝቼ ስታከም በመቆየቴ አልወሰድኩም። በዚህም ምክንያት በዚህ ባለ 4 ክሬዲት ሰዓት ትምህርት ውጤቴ I ተብሎ ተመዝግቧል።
>
> የትምህርት ክፍሉ በቁጥር ________ የካቲት 3 ቀን በተጻፈ ደብዳቤ በፈቀደልኝ መሠረት የማካካሻ ፈተናውን የካቲት 14 ቀን ወስጃለሁ። መምህሩም የውጤት ማስተካከያ ቅጹን ሞልተው የካቲት 18 ቀን ለትምህርት ክፍሉ አስረክበዋል። ይሁን እንጂ እስከ ዛሬ ድረስ በውጤት መዝገቤ ላይ የሚታየው I ነው።
>
> ስለሆነም ቅጹ ለጽሕፈት ቤታችሁ ደርሶ ከሆነ ውጤቱ ተመዝግቦ አማካይ ውጤቴ እንደገና እንዲሰላልኝ፣ ካልደረሰ ደግሞ ይኸው በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።
>
> ከሰላምታ ጋር
>
> ፊርማ ____________ ስልክ ____________
>
> አባሪ፦ የሕክምና ማስረጃ ቅጂ 1 ገጽ፣ የፈቃድ ደብዳቤ ቅጂ 1 ገጽ፣ ግሬድ ሪፖርት 1 ገጽ
>
> ግልባጭ፦ ለትምህርት ክፍሉ

ደብዳቤው ውስጥ የበሽታው ስም የለም፤ ሆን ተብሎ ነው። መዝገቡን ለማስተካከል የሚያስፈልገው ቀኑ ብቻ ስለሆነ ማመልከቻው በሚዞርበት ቢሮ ሁሉ የሕመሙ ዓይነት እንዲነበብ ምክንያት የለም። «B ይመዝገብልኝ» የሚልም የለም። ተማሪዋ ውጤቷን ብታውቅም ፊደሉን የሚናገረው የመምህሩ ቅጽ ነው፤ ማመልከቻው ፊደል ከጠቀሰና ቅጹ ሌላ ካለ ሥራው እስኪጣራ ይቆማል። ከሁሉ በላይ የሚጠቅመው ግን «ካልደረሰ ይገለጽልኝ» የሚለው ሐረግ ነው። እሱ ከሌለ ቅጹን ያላገኘው ሠራተኛ ማመልከቻውን «ቅጹ እስኪመጣ» ብሎ ያቆየዋል፤ ትምህርት ክፍሉ ደግሞ «ልከናል» ይላል። በሁለቱ መካከል ቀነ ገደቡ ያልፋል።

ማካካሻ ፈተናው ገና ካልተወሰደና ቀነ ገደቡ ከቀረበ ሁለተኛው አንቀጽ ይቀየራል። ፈቃዱ የተሰጠበት፣ ፈተናው የተያዘበትና ቀነ ገደቡ የሚያልፍበት ቀን ተጽፎ የሚጠየቀው ውጤቱ ሳይሆን የጊዜ ማራዘሚያ ይሆናል። ማራዘሚያ የሚጠየቀው ቀኑ ሳያልፍ ነው፤ I ወደ F ከተለወጠ በኋላ የሚገባ ጥያቄ ሌላ መንገድና ሌላ የሚያጸድቅ አካል ይፈልጋል።

ማስገባትና መከታተል

በሁለት ቅጂ ይታተም። አንዱ መዝገብ ቤት ገቢ ይሆናል፤ ሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም ተደርጎበት ተማሪዋ ጋ ይቀራል። «ተቀብለናል፣ ሂጂ» ብቻ ከተባለች ቁጥሩን ሳትይዝ አትውጣ፤ በኋላ «እንዲህ የሚባል ማመልከቻ የለም» ቢባል መልስ የሚሆነው እሱ ነው። ዋናው የሕክምና ወረቀት አይሰጥም፤ ቅጂው ተሰጥቶ ዋናው ለማመሳከር ብቻ ይታያል። በኢሜይል ወይም በተማሪ መግቢያ ገጽ የሚቀበሉ ተቋማትም አሉ። እዚያም የመልእክቱ ርዕስ ከ«ጉዳዩ» መስመር ጋር አንድ ይሁን፤ አባሪዎቹም በአንድ ፋይል ተጠቃለው ይላኩ።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ጠይቆ አንድም ነገር ካልተገኘ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ትምህርት ክፍሉ ነው። ጥያቄውም «ቅጹ በስንት ቁጥርና በየትኛው ቀን ወጣ?» መሆን አለበት። የወጪ ቁጥር ካለ ሬጅስትራር ጋ ሄዶ በዚያ ቁጥር ማስፈለግ ይቻላል። የወጪ ቁጥር ከሌለ ቅጹ አልወጣም፤ ምናልባት አንድ ፊርማ ይጎድለዋል ወይም ኃላፊው በሥራ ላይ የሉም። ቅጹ ደርሶ ሳይመዘገብ የቀረበት ምክንያት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቀላል ነው፦ ኮዱ ወይም ሴሚስተሩ ተሳስቶ ተጽፏል፣ ወይም ተማሪዋ በሌላ ሴክሽን ተመዝግባ በሌላ መምህር ስም ተፈርሟል። ይህን በደብዳቤ ሳይሆን ቅጹን ለሞሉት መምህር በመመለስ ማስተካከል ይፈጥናል።

I ያለበትን ትምህርት በሚቀጥለው ሴሚስተር እንደገና መመዝገብ ብልኃት ይመስላል፤ አይደለም። አንድ ትምህርት ሁለት ጊዜ ሲመዘገብ አንዱ I ሆኖ ይቀራል፤ ቀኑ ሲያልፍ ደግሞ F ሆኖ ከአዲሱ ውጤት ጎን ይቆማል። እንደገና መመዝገብ የሚያስፈልገው ተቋሙ ማካካሻ የለም ብሎ በጽሑፍ ሲያሳውቅ ብቻ ነው።

ከተቀየረ በኋላ

ፊደሉ ሲቀየር ሥራው ያለቀ ይመስላል፤ ሦስት ነገር ግን መታየት አለበት። የሴሚስተሩ አማካይ 3.00 መሆኑና ስሌቱ 17 ክሬዲት መያዙ፣ ጠቅላላ አማካዩ አብሮ መለወጡ፣ የተማሪነት ሁኔታውም መስተካከሉ ይረጋገጥ። በማስጠንቀቂያ ላይ ያለች ተማሪ ፊደሏ ተቀይሮ ማስጠንቀቂያው እንዳለ ሊቀር ይችላል፤ ሁኔታው ብዙ ጊዜ በሴሚስተሩ መጨረሻ አንድ ጊዜ ይሰላና ካልታዘዘ እንደገና አይሰላም። ከዚህ በፊት ትራንስክሪፕት ወጥቶ ከነበረም አሮጌው I ይዞ ይዞራልና ለተላከበት ቦታ አዲሱ ይላክ።

መምህሩ ከተቋሙ ለቀው ከሆነስ? ቅጹን መሙላት ያለበት ትምህርት ክፍሉ የሚመድበው ሌላ መምህር ነው፤ ያ መምህር ግን የምዘና ውጤቱን ካላገኘ 36ቱን ከየትም ሊያመጣው አይችልም። ስለዚህ የተመለሱ የቤት ሥራዎችን፣ የታረሙ የአጋማሽ ፈተና ወረቀቶችንና የተለጠፈ የምዘና ውጤት ፎቶግራፍ I እስኪነሳ ድረስ አለመጣል ነው።